ሩብ በመቶ ተንቀሳቅሶ አካውንቱ ለምን አለቀ? ሎት ከመጻፍዎ በፊት የሚሠራ ስሌት

ፎሬክስ የጀመሩ ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው ወደ እኔ ሲመጡ ጥያቄያቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ቻርቱን ከፍተው ያሳዩኛል። «ዩሮው እኮ ብዙም አልወረደም፤ ተመልሶም ወጥቷል። የእኔ ገንዘብ ግን የለም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ቻርቱ ላይ የሚታየው ቁልቁለት ከሩቅ ሲያዩት መኖሩም የማይታወቅ ትንሽ ጎድጓዳ ነው። ከዚያ በኋላ ዋጋው እነሱ ባሰቡት አቅጣጫ ሄዷል። እነሱ ግን በዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ቀርተዋል።

ይህ ሲሆን ብዙዎች ብሮከሩ ሰረቀኝ ብለው ያስባሉ፤ ወይም ደግሞ የቻርት ትምህርት ይጎድለኛል ብለው ሌላ ኮርስ ይገዛሉ። የጠፋው ገንዘብ ግን የጠፋበት ምክንያት በአራቱ የሒሳብ ስሌቶች ተሠርቶ ሊታይ የሚችል ነው፤ ያውም ንግዱ ከመከፈቱ በፊት። አካውንቱ የሚሞትበት ዋጋ የሚወሰነው የሎቱ፣ ማለትም የንግዱ መጠን መለኪያ፣ ቁጥር ሲጻፍ ነው። ከዚህ በታች ያንን ዋጋ አስቀድሞ እንዴት ማወቅ እንደሚቻል በአንድ ምሳሌ እየሠራሁ አሳያለሁ።

ምሳሌያችን 200 ዶላር ያለበት አካውንት ነው። ሌቨሬጁ፣ ማለትም ብሮከሩ በአንድ ዶላር መያዣ የሚፈቅደው የንግድ መጠን፣ 1፡500 ነው። ነጋዴው ስክሪኑ ላይ EURUSD ተብሎ የተጻፈውን ይነግዳል፤ አንድ ዩሮም በ1.1000 ዶላር እየተሸጠ ነው እንበል። ዩሮ ይወጣል ብሎ አሰበና 0.50 ሎት ገዛ። ብሮከሩ ገንዘብዎ እያለቀ ነው የሚለውን ማስጠንቀቂያ፣ ማርጂን ኮልን፣ የሚያሳየው Margin Level የሚለው ቁጥር 100% ሲደርስ ነው፤ ንግዱን በራሱ የሚዘጋው ደግሞ 50% ሲደርስ ነው። እነዚህ ሁለት ገደቦች ከብሮከር ብሮከር ይለያያሉ፤ የመዝጊያው ገደብ 20% ወይም 30% የሆነበትም አለ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የራስዎ አካውንት ዝርዝር የተጻፈበትን ገጽ ይክፈቱ፤ Margin Call እና Stop Out ከሚሉት ቃላት አጠገብ ያሉትን ቁጥሮችም ወረቀት ላይ ያስፍሩ። እነሱን ሳያውቁ የሚሠሩት ስሌት ሁሉ ግምት ነው።

አንደኛ፦ የያዙት ዕቃ በእውነት ስንት እንደሚያወጣ ያስሉ

አንድ ሙሉ ሎት 100,000 ዩሮ ነው። 0.50 ሎት 50,000 ዩሮ ነው፤ በ1.1000 ሲባዛ 55,000 ዶላር ይሆናል። ሁለት መቶ ዶላር ያለው ሰው የሃምሳ አምስት ሺህ ዶላር ዕቃ ይዟል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለራስዎ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ መተግበሪያው በፍጹም አያሳየውምና። መተግበሪያው የሚያሳየው «0.50» የምትል ትንሽ፣ ምንም የማትመስል ቁጥር ነው።

55,000ን ለ200 ሲያካፍሉ 275 ያገኛሉ። የዚህ ነጋዴ እውነተኛ ሌቨሬጅ ይህ ነው። አካውንቱ ላይ የተጻፈው 1፡500 የተፈቀደለት ጣሪያ ሲሆን 275 ደግሞ እሱ በእጁ የተጠቀመበት ነው። በ275 ሲበደሩ እያንዳንዱ የገበያ እንቅስቃሴ በኪስዎ ላይ 275 እጥፍ ሆኖ ይደርሳል።

ቀጥሎ የአንድ ፒፕን ዋጋ ይፈልጉ። በEURUSD ላይ ፒፕ ማለት ከነጥብ በኋላ ያለው አራተኛው አሃዝ ነው፤ ከ1.1000 ወደ 1.1001 አንድ ፒፕ ነው። በሙሉ ሎት አንድ ፒፕ 10 ዶላር ያወጣል፤ በ0.50 ሎት 5 ዶላር፤ በ0.01 ሎት ደግሞ 10 ሳንቲም። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ዋጋውን በአምስት አሃዝ ነው የሚጽፉት፤ ለምሳሌ 1.10004። የመጨረሻዋ አሃዝ የፒፕ አንድ አሥረኛ ናት። እሷን ፒፕ ብሎ የቆጠረ ሰው 270 ፒፕ ቦታ አለኝ ብሎ ሲያስብ ያለው 27 ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ከንግዱ በታች ያሉትን አምስት ቁጥሮች ያንብቡ

ሜታትሬደር በተባለው የመነገጃ መተግበሪያ ላይ ንግዱ እንደተከፈተ የሚከተለው ይታያል። ስፕሬዱ፣ ማለትም በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት፣ 1.5 ፒፕ ነው ብለን እንውሰድ።

```
Balance:       200.00
Equity:        192.50
Margin:        110.00
Free Margin:    82.50
Margin Level:  175.00%
```

Balance ያልተዘጋውን ንግድ አያውቅም፤ ስለዚህ ንግድ ክፍት እያለ አይመልከቱት። ሰው ሲያጣ እንኳ 200 ዶላር የሚል ቁጥር ስለሚያሳይ ሐሰተኛ መጽናኛ ይሰጣል። እውነተኛው ገንዘብ Equity ነው፤ አሁን ሁሉንም ዘግቼ ብወጣ በእጄ ስንት ይቀራል ለሚለው መልስ የሚሰጥ። ገና ምንም ሳይሆን 7.50 ዶላር እንደጎደለ ልብ ይበሉ። ያ ስፕሬዱ ነው፤ 1.5 ፒፕ በ5 ዶላር።

Margin የሚለው 110 ዶላር 55,000 ለ500 ተካፍሎ የመጣ መያዣ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «የያዙብኝ 110 ዶላር ነው፤ ቢበዛ እሱን አጣለሁ፤ ቀሪው በኪሴ ነው» ይላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ኪሳራው መጀመሪያ የሚበላው ነፃ ነው የተባለውን ገንዘብ ነው፤ እሱ ሲያልቅ ወደ መያዣው ይገባል። ብሮከሩ ንግዱን የሚዘጋው የመያዣው ግማሽ ሲቀር ነው። ከዚህ ነጋዴ 200 ዶላር ውስጥ 145ቱ ለኪሳራ ክፍት ነው፤ የሚተርፈው 55 ነው።

Margin Level ደግሞ Equity ለMargin ተካፍሎ በመቶ ሲባዛ የሚገኝ ነው። በቀደመው ዘመን ማርጂን ኮል ማለት ደላላው ለደንበኛው ስልክ ደውሎ «ገንዘብ ጨምር» የሚልበት ጥሪ ነበር፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ የሚደውል የለም። የቁጥሮቹ መደብ ቀለሙን ይቀይራል፤ በቃ። ስልክዎ ኪስዎ ውስጥ ከሆነ ማርጂን ኮሉ መጥቶ ሲሄድ አያዩትም።

ሦስተኛ፦ እስከ መዝጊያው ያለውን ርቀት ይለኩ

ይህ የጽሑፉ እምብርት ነው። ስሌቱ አንድ መስመር ነው፤

```
ርቀት በፒፕ = (Equity − Margin × Stop Out) ÷ የአንድ ፒፕ ዋጋ
(192.50 − 110 × 0.50) ÷ 5 = 27.5
```

ሃያ ሰባት ፒፕ ተኩል። ዩሮ በዚህ ያህል ከወረደ ንግዱ ያለ ነጋዴው ፈቃድ ይዘጋል። ማርጂን ኮሉ ደግሞ በ16.5 ፒፕ ላይ ይመጣል። በመቶኛ ሲታይ 27.5 ፒፕ የዩሮ ዋጋ ሩብ በመቶ ነው። በገበያ ቋንቋ ስናወራው፣ መቶ ብር የነበረ ዕቃ ዘጠና ዘጠኝ ብር ከሰባ አምስት ሳንቲም ሆነ እንደማለት ነው። በእንዲህ ያለ የዋጋ ለውጥ መርካቶ ውስጥ ማንም ነጋዴ ፊቱን አያዞርም። የዚህ ነጋዴ አካውንት ግን ከአራት እጅ ሦስት እጁን ያህል አጥቷል።

ዩሮ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ሃምሳ ስድሳ ፒፕ ከፍና ዝቅ ማለቱ የተለመደ ውሎው ነው። ስለዚህ የነጋዴው ግምት ትክክል ቢሆንም፣ ዩሮው ማታ ላይ 60 ፒፕ ወጥቶ ቢዘጋም፣ እግረ መንገዱን አንዴ 28 ፒፕ ዝቅ ካለ አካውንቱ ማታን አያይም። ስልካቸውን ይዘው የሚመጡት ወጣቶች የሚያሳዩኝ ያቺ ጎድጓዳ ይህች ናት።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ አንድ ነገር ነበር። በእጁ 55 ዶላር ቀርቷል፤ ተቆጥቷል፤ ዩሮው ሲመለስም እያየ ነው። 1፡500 ስለሆነ 0.20 ሎት ለመግዛት የሚጠየቀው መያዣ 44 ዶላር ብቻ ነው፤ መተግበሪያውም ይፈቅድለታል። ስሌቱን ሲሠሩት ግን ስፕሬዱ ተቀንሶ እስከ መዝጊያው ያለው ርቀት 15 ፒፕ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ንግድ 27.5 ነበረው። ኪሳራውን በአንድ ጊዜ ለመመለስ የሚከፈተው ንግድ ሁልጊዜ ከቀድሞው ያጠረ ገመድ አለው፤ ለዚህ ነው ሁለተኛው መዘጋት ከመጀመሪያው ፈጥኖ የሚመጣው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሃያ ሁለት ዶላር ገደማ ነው።

ሌቨሬጅን ዝቅ ማድረግ ብቻውን አያድንም

አንዳንድ መምህራን «ሌቨሬጅህን ከ500 ወደ 300 ቀንስና ትድናለህ» ይላሉ። ሎቱ ካልተቀየረ ይህ ምክር ይጎዳል። ያው 0.50 ሎት በ1፡300 ሲከፈት መያዣው 183 ዶላር ይሆናል፤ ርቀቱም ከ27.5 ወደ 20 ፒፕ ይወርዳል። መያዣው ሲተልቅ ብሮከሩ ቀድሞ ይዘጋል። የፒፕ ዋጋ ግን ያው 5 ዶላር ነው።

ዝቅተኛ ሌቨሬጅ የሚጠቅመው ትልቅ ሎት እንዳይከፈት በሩን ስለሚዘጋ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የገበያ ተቆጣጣሪ ኤስማ ከነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተራ ደንበኞች ለዋና ዋና ገንዘቦች የሚፈቀደውን ጣሪያ 1፡30 ያደረገው ለዚህ ነው። በወቅቱ ይፋ ባደረገው መረጃ ሲኤፍዲ በተባሉ በሌቨሬጅ የሚነገዱ ውሎች ከሚነግዱ ተራ አካውንቶች ከ74 እስከ 89 በመቶው ገንዘብ ያጣሉ። በ1፡30 ባለ 200 ዶላር አካውንት 0.50 ሎት ለመክፈት ቢሞክሩ መተግበሪያው አይቀበልም፤ የሚያስፈልገው መያዣ ከ1,800 ዶላር በላይ ነውና። የሚፈቅድልዎ እስከ 0.05 ሎት ነው። በዚያ መጠን እስከ መዝጊያው ያለው ርቀት ከ200 ፒፕ ይበልጣል።

ፍራንክፈርት የሚኖር ወንድም እና አዲስ አበባ የሚኖር ወንድም በአንድ ስም ከሚታወቅ ብሮከር አካውንት ከፍተው አንዱ 1፡30፣ ሌላው 1፡500 የሚሰጣቸው ጊዜ አለ። ከአውሮፓ ውጭ የሚከፈቱ አካውንቶች ብዙውን ጊዜ በሌላ አገር በተመዘገበ እህት ኩባንያ ሥር ስለሚያዙ የአውሮፓው ገደብ አይደርስባቸውም። 1፡500 እንደ ስጦታ ተደርጎ ይቀርባል። እኔ ግን አዲስ አበባ ያለው ወንድም ራሱን በፍራንክፈርቱ ደንብ እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ደንቡን የሚያስከብርለት ከራሱ በቀር ሌላ ስለሌለ።

አራተኛ፦ ሎቱን ከኋላ ወደ ፊት ያስሉ

ጀማሪ የሚሠራው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ መጀመሪያ ሎት ይመርጣል፣ ከዚያ ስቶፕ ሎስ፣ ማለትም ኪሳራው እንዳይሰፋ ንግዱ በራሱ እንዲዘጋ የሚታዘዝበትን ዋጋ፣ ያስቀምጣል ወይም አያስቀምጥም፣ በመጨረሻ ስንት እንዳጣ ያያል። ይህን ገልብጡት።

በመጀመሪያ ገበያው በቀን ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይለኩ። ቻርቱን በD1፣ ማለትም በቀን ቻርት፣ ላይ ያድርጉ፤ ከጠቋሚዎቹ ዝርዝር ውስጥ Average True Range የሚለውን መርጠው ቁጥሩን 14 ይበሉት። ለምሳሌ 0.0060 ካሳየ አማካይ የቀን ርዝመቱ 60 ፒፕ ነው ማለት ነው። አሁን በሦስተኛው ደረጃ ያገኙትን ርቀት ከዚህ ጋር ያስተያዩ። የመዝጊያው ርቀት ከአንድ ቀን ርዝመት ካነሰ አካውንትዎ በተለመደ ውሎ ውስጥ ይዘጋል። የእኔ ልክ ቢያንስ አምስት ቀን ርዝመት ነው፤ በዚህ ምሳሌ 300 ፒፕ። ከዚያ ባነሰ ርቀት ሎት አልጽፍም።

ቀጥሎ ንግዱ ስህተት መሆኑን የሚያሳየኝ ዋጋ የት ነው ብለው ይጠይቁና ስቶፕ ሎስዎን እዚያ ያድርጉ፤ 40 ፒፕ ነው እንበል። በመጨረሻ በአንድ ንግድ ላይ ላጣ የምችለው ስንት ነው ብለው ይወስኑ። ከ200 ዶላር ላይ ሁለት በመቶ 4 ዶላር ነው።

```
የአንድ ፒፕ ዋጋ = 4 ÷ 40 = 0.10 ዶላር
ሎት = 0.01
```

0.01 ሎት። ምሳሌያችን ላይ ያለው ነጋዴ የከፈተው የዚህን ሃምሳ እጥፍ ነው። በ0.01 ሎት መያዣው 2.20 ዶላር ብቻ ነው፤ እስከ መዝጊያው ያለው ርቀትም ከ1,900 ፒፕ በላይ ይሆናል። ማርጂን ኮል የሚባለው ነገር ከሕይወትዎ ይወጣል ማለት ይቻላል።

ግን እውነቱን ሙሉ በሙሉ መናገር አለብኝ። ግምቱ ሰምሮ 40 ፒፕ ቢያተርፍ የሚያገኘው ያው 4 ዶላር ነው። ሁለት መቶ ዶላር በብድር አሰባስቦ፣ የቤት ኪራይ ይከፈልበታል ብሎ ተስፋ ላደረገ ሰው አራት ዶላር ምንም ነው። ሎቱን ከ0.01 ወደ 0.50 የሚያሳድገው ይህ ነው እንጂ የስሌት አለማወቅ ብቻ አይደለም። በ200 ዶላር የወር አስቤዛ ማግኘት የሚቻለው አካውንቱን በየቀኑ ለሞት አጋልጦ ብቻ ነው፤ ይህንን የሚሸፍን የቻርት ጥበብ የለም። በዚህ መጠን ባለ ገንዘብ መማር ይቻላል፤ መኖር አይቻልም። ስቶፑን 60 ፒፕ ላይ ማድረግ የግድ ከሆነና ትንሿ ሎት እንኳ ከሁለት በመቶ በላይ የምታስከፍል ከሆነ፣ ያንን ንግድ ይተዉት።

ወርቅ ለሚነግዱ፣ በስክሪኑ ላይ XAUUSD የሚባለውን፣ ስሌቱ ያው ነው፤ መለኪያው ብቻ ይለያል። በአብዛኛው ብሮከር ዘንድ አንድ ሎት 100 አውንስ ስለሆነ በ0.01 ሎት ወርቅ አንድ ዶላር ሲንቀሳቀስ እርስዎም አንድ ዶላር ያገኛሉ ወይም ያጣሉ። ወርቅ በአንድ ቀን ውስጥ ሃያና ሠላሳ ዶላር መንቀሳቀሱ ብርቅ አይደለም። በ200 ዶላር አካውንት 0.20 ሎት ወርቅ የያዘ ሰው አሥር ዶላር ሲወርድበት ኪሳራው 200 ዶላር ይሆን ነበር፤ ግን እዚያ ከመድረሱ በፊት ተዘግቷል።

ማርጂን ኮሉ ከመጣ በኋላ

ምሳሌያችን ላይ ያለው ነጋዴ ስሌቱን አልሠራም፤ ዩሮው 16.5 ፒፕ ወርዶ መደቡ ቀለሙን ቀይሯል። Equity 110፣ Margin 110። እስከ መዝጊያው የቀረው 11 ፒፕ ነው። ምን ያድርግ?

ብዙዎች የሚያደርጉት 100 ዶላር መጨመር ነው። ከዘመድ ይበደራሉ፤ ዶላሩን በችኮላ በውድ ይገዛሉ። ርቀቱ ወደ 31 ፒፕ ይሰፋል። ጥሩ ይመስላል። አሁን ግን ለኪሳራ የተጋለጠው ገንዘብ ተጨማሪ 155 ዶላር ሆኗል። በአንጻሩ ምንም ገንዘብ ሳይጨምር የንግዱን ግማሽ ቢዘጋ፣ ማለትም 0.25 ሎት ቢያስቀር፣ መያዣው 55 ይሆናል፤ ፒፑ 2.50 ዶላር፤ ርቀቱም 33 ፒፕ። ተጨማሪ ሊያጣ የሚችለው 82.50 ነው። ገንዘብ ከመጨመር ይልቅ ግማሹን መዝጋት የበለጠ ርቀት በግማሽ አደጋ ይሰጣል። አዲስ ገንዘብ ማርጂን ኮል ላይ አይጨመርም፤ ይህ ደንብ ልዩ ሁኔታ የለውም ብዬ አምናለሁ። እንዲያውም ስቶፕ ሎሱ እስካሁን ሳይሠራ ማርጂን ኮል መምጣቱ ራሱ ሎቱ ከመጀመሪያው የተሳሳተ እንደነበር ማስረጃ ስለሆነ ሙሉውን መዝጋት ይሻላል።

ከዚህ የከፋው በወረደ ቁጥር እየደጋገሙ መግዛት ነው። በቴሌግራም ቻናሎች ላይ «ሌላ ጨምሩ፣ አማካይ ዋጋችሁ ይስተካከላል» የሚል መልእክት ሲመጣ ስሌቱን ይሥሩ። ያው 200 ዶላር ያለው ሰው በ0.20 ሎት ቢጀምር ርቀቱ 90 ፒፕ ገደማ ነው፤ መጥፎ አይደለም። 30 ፒፕ ሲወርድ ሌላ 0.20 ሎት ጨመረ። በእጁ ያለው ወደ 140 ዶላር ወርዷል፤ መያዣው ግን ወደ 88 ወጥቷል፤ የፒፑም ዋጋ ከ2 ወደ 4 ዶላር። አሁን የቀረው 24 ፒፕ ነው። 60 ፒፕ ሊቀረው ይገባ የነበረ ሰው በአንድ ንክኪ ከግማሽ በላይ አቃጠለው። አማካይ ዋጋው በእርግጥ ተሻሽሏል፤ ወጪውን ለመመለስ 15 ፒፕ ብቻ መውጣት ይበቃዋል። ማርጂን ግን አማካይ ዋጋን አያውቅም።

ቻርቱ ላይ የማይታዩ ነገሮች

«ዋጋው እዚያ አልደረሰም፣ ግን ተዘጋብኝ» የሚል ቅሬታ እሰማለሁ፤ በተለይ ከሸጡ ሰዎች። ሜታትሬደር ቻርቱን የሚስለው እርስዎ በሚሸጡበት በBid ዋጋ ነው፤ የሸጡትን ንግድ የሚዘጋው ግን በሚገዙበት በAsk ነው። ስፕሬዱ ሲሰፋ Ask ብቻውን ወደ ላይ ይዘላል፤ ቻርቱ ላይ ምልክት አይተውም። በኮምፒውተሩ ፕሮግራም ላይ F8ን ተጭነው Ask የሚታይበትን መስመር ያብሩ፤ ያን ጊዜ ሁለቱንም ያያሉ።

ስፕሬድ የሚሰፋባቸው ሰዓቶች አስቀድመው የታወቁ ናቸው። አንደኛው የኒውዮርክ ቀን የሚዘጋበት ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሜሪካኖቹ የበጋ ሰዓት ላይ ሲሆኑ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ በክረምታቸው 7 ሰዓት። ሌላው የአሜሪካ የሥራ ቅጥር ሪፖርት የሚወጣበት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የወሩ የመጀመሪያ ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡30 ወይም 10፡30። ከላይ 11 ፒፕ ቀርቶት የነበረው ነጋዴ በእነዚህ ደቂቃዎች ዋጋው ሳይንቀሳቀስ በስፕሬድ ብቻ ሊዘጋበት ይችላል። ተቃራኒ ንግድ ከፍቶ «ቆልፌዋለሁ» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ስፕሬዱ ሲሰፋ የተቆለፈው ንግድ ኪሳራ ይጨምራል።

አንዳንድ ብሮከሮች ደግሞ ከቅዳሜና እሑድ ወይም ከትልቅ ዜና በፊት ሌቨሬጁን ለጊዜው ይቀንሳሉ። 500 የነበረው 200 ቢደረግ የ0.50 ሎቱ መያዣ ከ110 ወደ 275 ዶላር ይዘላል። ዋጋው አንድ ፒፕ ሳይነቃነቅ Margin Level ወደ 70% ገደማ ይወርዳል። ይህን የሚያሳውቀው ኢሜይል ዓርብ ዕለት የሚመጣና የማይነበብ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያንብቡት።

ስቶፕ ሎስ የማይደርስበት

እስካሁን ያለው ስሌት ሁሉ ዋጋው በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ እየረገጠ ይሄዳል ብሎ የሚያምን ነው። አንዳንዴ ይዘላል። የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ ከመስከረም 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይጠብቅ ነበር። ብዙ ነጋዴዎች ወለሉ አይሰበርም ብለው ከዚያ ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ዩሮ ገዝተው፣ ስቶፕ ሎሳቸውን ከ1.20 ጥቂት ዝቅ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ጥር 15 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ባንኩ ያለ ማስጠንቀቂያ ወለሉን አነሣ። በደቂቃዎች ውስጥ ዩሮ ከ1.00 ፍራንክ በታች ወረደ። በመካከል ገዢ ስላልነበረ ስቶፕ ሎሶቹ የተፈጸሙት ከተጻፉበት ዋጋ እጅግ ርቀው ነው። ኤፍኤክስሲኤም የተባለው ትልቅ ብሮከር ደንበኞቹ ከአካውንታቸው በላይ 225 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ እንዳለባቸው አስታወቀ፤ የአልፓሪ የእንግሊዝ ኩባንያም ሥራውን ለማቆም ተገደደ።

ስቶፕ ሎስ ትእዛዝ ነው፤ ዋስትና አይደለም። በዝላይ ጊዜ የሚከላከለው የሎቱ ትንሽነት ብቻ ነው። በ0.01 ሎት የ300 ፒፕ ዝላይ 30 ዶላር ያስከፍላል፤ በ0.50 ሎት ግን 1,500። አካውንቱ ላይ ያለው 200 ነው። ቀሪው 1,300 የማን ነው? መልሱ በውሉ ውስጥ አለ። አውሮፓ ውስጥ ተራ ደንበኛ ካስገባው ገንዘብ በላይ ዕዳ እንዳይገባ ደንቡ ይከለክላል። በሌላ አገር በተመዘገበ ኩባንያ ሥር ለተከፈተ አካውንት ግን ይህ የሚሠራው ውሉ ውስጥ ከተጻፈ ብቻ ነው። የብሮከርዎን የደንበኛ ውል ይክፈቱ፤ negative balance የሚለውን ሐረግ ይፈልጉ፤ ዙሪያውን ያለውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብቡ። ሐረጉን ካላገኙት የሚቀጥለውን ንግድ ከመክፈትዎ በፊት ለደንበኞች አገልግሎቱ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሳቸውንም Margin Call እና Stop Out የጻፉበት ወረቀት ላይ ይጨምሩት።